«ካርቦን ነው፣ ይችላል» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ፦ ክሩ ወዴት ነው የተኛው?

«ካርቦን ፋይበር ከብረት በ10 እጥፍ ይጠነክራል። የብረት ዕቃችሁን ለኩና በዛው ቅርጽ በካርቦን ስሩት፣ ይቀላል፣ ይጠነክራል፣ አለቀ።»

ይሄን ጽሑፍ ሰሞኑን ሦስት ሰው ላከልኝ፣ ሦስቱም «አንተ ውሎህ ከሬዚን ጋር ነው፣ ምን ትላለህ?» ነው ጥያቄያቸው። ዝም ልል ነበር፣ ጸሐፊው ክፉ አላሰበም፣ ሰው እጁን እንዲያፍታታ ነው የፈለገው። ግን ከሦስቱ አንዱ የመኪና መጎተቻ ሊሰራበት እንዳሰበ ሲነግረኝ ዝም ማለቱ አላስኬደኝም፣ እና ነጥብ በነጥብ ልሂድበት።

መጀመሪያ ቁጥሩ ውሸት አይደለም። በገበያ ላይ በብዛት ያለው T700 የሚባለው ክር እስኪበጠስ ድረስ 4900 ሜጋፓስካል ይሸከማል፣ ማለትም በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ 4900 ኒውተን፣ ተራው የግንባታ ብረት ደግሞ 400 እና 500 መሃል ላይ ይበጠሳል፣ ስለዚህ 10 እጥፍ ትክክል ነው። ችግሩ ይሄ ቁጥር የክሩ ነው እንጂ የዕቃው አይደለም። ማንም ሰው ክር ብቻውን ብሎን አስሮበት አይጠቀምም፣ ክሩ ሬዚን በሚባለው ማጣበቂያ ተይዞ፣ ሌየር በሌየር ተደራርቦ፣ ደርቆ ነው ዕቃ የሚሆነው። ከመቶው 60 እጅ ክር 40 እጅ ሬዚን የሆነ ጥሩ ሌየር በክሩ አቅጣጫ ሲጎተት፣ ጠበቅ አድርገን ብንይዘው 1500 ሜጋፓስካል ይሰጠናል። አሁንም በጣም ትልቅ ነው። ግን ያንኑ ሌየር ዘጠና ዲግሪ አዙረህ በጎኑ ጎትተው፣ 40 እና 50 ሜጋፓስካል መሃል ይሰነጠቃል። ከ1500 ወደ 40! ያው አንድ ቁራጭ ነው እኮ፣ ያዞርከው አንተ ነህ።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ፣ ሬዚኑ፣ ማለትም ኤፖክሲው፣ ብቻውን ያለምንም ክር ቢጎተት 70 ምናምን ሜጋፓስካል ይችላል። ስለዚህ በጎን በኩል ሲጎተት ክሩ መኖሩ ጭራሽ አዳክሞታል ማለት ነው። ክሮቹ በጣም ተጠጋግተው ስለሚተኙ በመሃላቸው ያለችው ቀጭን ሬዚን ላይ ጫናው ይከማቻል፣ ከዛ ሬዚኑ ከክሩ ቆዳ ይላቀቃል፣ አንዱ ሲላቀቅ ለጎረቤቱ ያስተላልፋል፣ ስንጥቁ በክሩ ጎን ሮጦ ይጨርሳል። በቁመት ሲጎተት ግን ጭነቱን የሚይዘው ክሩ ራሱ ነው፣ ሬዚኑ አስታራቂ ብቻ ነው።

ክሩ ራሱስ ለምን በቁመቱ ብቻ? ውፍረቱ 7 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ከፀጉር ወደ 10 እጥፍ ይቀጥናል። ሲሰራ ፕላስቲክ ከመሰለ ክር ተነስቶ እየተወጠረ በከፍተኛ ሙቀት ይከስላል፣ በዛ ሂደት የካርቦን አተሞቹ እንደ ቀጫጭን አንሶላ ሆነው በክሩ ቁመት ይሰለፋሉ። በአንሶላው ውስጥ ያለው ትስስር ከምናውቃቸው ሁሉ ጠንካራ ከሚባሉት ነው፣ በአንሶላና በአንሶላ መሃል ያለው ግን ደካማ ነው፣ እርሳስ ወረቀት ላይ የሚጽፈው እኮ በዚሁ ድካም ነው። ስለዚህ አድልዎው ከሬዚኑ አይጀምርም፣ ከክሩ ሆድ ነው የሚጀምረው።

እንጨት የፈለጠ ሰው ይሄን በደንብ ያውቀዋል። የባህር ዛፍ ጉማጅ አቁመህ አናቱን በመጥረቢያ ብትለው በአንድ ምት ለሁለት ይከፈላል፣ አጋድመህ ወገቡን ብትለው ግን ላብህ ይንጠፈጠፋል። ካርቦን ማለት አድልዎው የባሰበት ባህር ዛፍ ነው።

እና ደግሞ መካከለኛ አቅጣጫስ? ሰው «5 ዲግሪ ብታጋድል ምን ታመጣለህ» ይላል። ትሳይ-ሂል በሚባለው የተለመደ ስሌት በቁመቱ 1500፣ በጎኑ 40፣ በመንሸራተት፣ ማለትም ክር ከክር ጎን ለጎን ሲንሸራተት፣ 70 ሜጋፓስካል ብለን ብንጀምር፣ ክሩ ከጭነቱ 5 ዲግሪ ብቻ ቢያፈነግጥ የአንድ አቅጣጫ ቁራጭ ጥንካሬ ወደ 700 ይወርዳል፣ 10 ዲግሪ ላይ ወደ 380። 5 ዲግሪ ማለት 30 ሳንቲ ርዝመት ላይ ጫፉ 2 ሳንቲ ተኩል አካባቢ መንሸራተት ነው፣ ጠዋት ቡና ሳልጠጣ በመቀስ ስቆርጥ የማደርገው ስህተት ነው እንግዲህ። ሌላ አቅጣጫ የያዙ ሌየሮች አብረው ካሉ አደጋው እንዲህ አይከፋም፣ እነሱ ይደግፉታል፣ እና ይሄ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ይወስደናል።

«ጭነቱ በቁመት ከሆነ ሁሉንም ሌየር በቁመት አድርጉት። የ45 ዲግሪ ሌየር ገንዘብ ማባከን ነው።»

እዚህ ጋ የራሴን ጉድ ላውጣ፣ ምክንያቱም እኔም አንድ ጊዜ ልክ እንደዚህ አስቤ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጓደኛዬ ጋር ጋራዥ ውስጥ ከዊንች ጋር የምንጠቀምባት አንዲት የብረት ላሜራ ነበረችን፣ 25 ሚሊ ስፋት፣ 2 ሚሊ ውፍረት፣ በሁለቱ ጫፎቿ 8 ሚሊ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ያላት፣ ከቀዳዳው መሃል እስከ ጫፏ 16 ሚሊ። በካርቦን እንስራት አልን። እያንዳንዱ ሌየር 0.125 ሚሊ ነው፣ 16 ሌየር ደረብን፣ ልክ 2 ሚሊ መጣ፣ ሁሉንም በቁመት። ስሌቱን ወረቀት ላይ ሰራን፦ ቀዳዳው 8 ሚሊ ሲበላ 17 ሚሊ ይቀራል፣ 17 በ2 በ1500 ሲባዛ 51,000 ኒውተን፣ ማለትም ከ5 ቶን በላይ። ብረቷ በዛው ሂሳብ፣ በ250 ሜጋፓስካል፣ መለጠጥ የምትጀምረው 8,500 ኒውተን፣ 870 ኪሎ ግድም ላይ ነው። 6 እጥፍ! ጓደኛዬ ፎቶ ሁሉ አነሳት።

ከክሬን ሚዛን ጋር አስረን ቀስ እያልን ጎተትን። 200፣ 300፣ ከዛ 400 ኪሎ አካባቢ «ጠቅ» አለችና ብሎኑ በእርጋታ መውጣት ጀመረ። አልተበጠሰችም እኮ! ከቀዳዳው እስከ ጫፏ ድረስ የብሎኑን ስፋት የምታክል፣ 8 ሚሊ የሆነች ምላስ ተቆርጣ ከነብሎኑ ተንሸራታ ወጣች። ሁለቱ ጎኖቿ በምላጭ የተቆረጡ ይመስላሉ፣ ልስልስ ያሉ፣ አንድም የተበጠሰ ክር የለባቸውም። የቀረው ላሜራ ምንም አልሆነም፣ አዲስ ነው።

ሲቆጠር ግልጽ ነው። ብሎኑ ያንን ምላስ ለማውጣት አንድም ክር መበጠስ አይጠበቅበትም፣ በክሮቹ መሃል ያለችውን ሬዚን በሁለት መስመር መቅደድ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ሁለት መስመር፣ እያንዳንዱ 16 ሚሊ ርዝመት በ2 ሚሊ ውፍረት፣ ሬዚኑ በመንሸራተት የሚችለው 70 ሜጋፓስካል፦

```
2 × 16 × 2 × 70 = 4480 N
```

457 ኪሎ ገደማ ነው፣ እሱም ጫናው በመስመሩ ሁሉ እኩል ቢከፋፈል ነበር፣ አይከፋፈልም፣ ቀዳዳው አጠገብ ነው የሚበዛው፣ ለዛ ነው 400 ላይ የለቀቀችው። ብረቷ 870 ኪሎ እየቻለች «10 እጥፍ ጠንካራው» 400 ላይ እጅ ሰጠ። ጓደኛዬ «ጫፏን እናስረዝማት» አለ፣ ትንሽ ይጠቅማል ግን እንደሚታሰበው አይደለም፣ ስንጥቁ ቀዳዳው ጋ አንዴ ከጀመረ እንደ ዚፕ እየከፈተ ነው የሚሄደው፣ ከኋላ ያለው ርዝመት ተራው እስኪደርሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

የ45 ዲግሪው «ብክነት» የሚገባው እዚህ ጋ ነው። በ+45 እና በ-45 የተኙ ክሮች ያቺን የምላስ መስመር አቋርጠው ያልፋሉ፣ ስለዚህ ምላሷ እንድትወጣ ክር መበጠስ ግድ ይሆናል፣ የመንሸራተት አቅሙ በብዙ እጥፍ ያድጋል። 90 ዲግሪዎቹ ደግሞ ጫፏ ለሁለት እንዳትፈለጥ እንደ ቀበቶ ይይዟታል። የአውሮፕላን ሰዎች በየትኛውም አቅጣጫ ቢያንስ 10 ፐርሰንት ክር ይኑር የሚል የቆየ ደንብ አላቸው፣ ብሎን ካለ ደግሞ ከቀዳዳው መሃል እስከ ጫፍ ቢያንስ 3 የብሎን ስፋት ይተዋሉ። እኛ 2 ብቻ ነበር የተውነው፣ በ45 እና በ90 በኩል ደግሞ ዜሮ። ሁለቱንም ደንብ አንድ ላይ ነው የጣስነው።

ነጻ አይደለም ግን፣ ይሄንንም ልናገር። ላሜራዋን እንዲህ ብንደርባት፣ ቁጥሮቹ የእያንዳንዱ ሌየር ዲግሪ ናቸው፣ 0 ማለት በቁመት ነው፦

```
[45/-45/0/0/90/0/-45/45]s
```

መጨረሻ ላይ ያለችው s ግማሹ እንደ መስታወት ተገልብጦ ይደገማል ማለት ነው፣ ድምር 16 ሌየር፣ ግማሹ በ45ዎቹ፣ 6ቱ በቁመት፣ 2ቱ በአግድም። የቁመት ግትርነቷ፣ ማለትም ሲጎትቷት አልለጠጥም የማለት አቅሟ፣ ከ135 ጊጋፓስካል ወደ 65 አካባቢ ይወርዳል። አልሙኒየም 70 ነው። አዎ፣ ከአልሙኒየም በታች! ክብደቷ ግን ከአልሙኒየም ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ 1.6 ለ2.7፣ ስለዚህ ኪሎ ለኪሎ አሁንም ታሸንፋለች፣ ግን ያ የ10 እጥፍ ወሬ የለም። መጠምዘዝ ካለ ደግሞ ሂሳቡ ይገለበጣል፦ ሁሉም በቁመት የሆነ ላሚኔት፣ ማለትም የሌየሮቹ ድርብ፣ የመጠምዘዝ ግትርነቱ 5 ጊጋፓስካል ነው፣ ሁሉም በ45 የሆነ 35 ይደርሳል፣ አልሙኒየም 26። ለዛ ነው የካርቦን የመኪና ዘንግ ላይ በ45 የተኛ ክር የሚበዛው።

«የተሸመነው ካርቦን ክሩ በሁለቱም በኩል ስለሚሄድ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይጠነክራል፣ ስለ አቅጣጫ መጨነቅ አያስፈልግም።»

ነጠላ አምጡ። በድሩ በኩል ጎትቱት፣ አይለጠጥም። በማጉ በኩል ጎትቱት፣ አይለጠጥም። አሁን ሁለት ተቃራኒ ጥጎቹን ይዛችሁ ጎትቱት፣ እየተለጠጠ እየጠበበ ይመጣል። የተሸመነ ካርቦንም ይሄው ነው፣ ልዩነቱ ሬዚኑ ትንሽ ይይዘዋል፣ ያውም ትንሽ። በ0 እና በ90 ሲጎተት ግትርነቱ 65 ጊጋፓስካል አካባቢ ነው (ክሩ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ከሚሄድበት ከዩኒው ግማሽ ገደማ ነው፣ ክሩ ለሁለት ስለተካፈለ፣ ደግሞም ሲሸመን ስለሚታጠፍ)፣ በ45 ሲጎተት ግን ወደ 17 ይወርዳል። ሁለት አቅጣጫ ማለት ሁሉም አቅጣጫ አይደለም።

ይሄ ስህተት በጣም የሚታየው ድሮን በሚሰሩ ልጆች ላይ ነው። ያ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሉህ ይገዛል፣ አብዛኛው ክሩ በ0 እና በ90 ነው፣ ሲኤንሲ መቁረጫ ማሽን ላይ ይታሰርና የX ቅርጽ ያለው ፍሬም ባንድ ቁራጭ ይቆረጣል። የሉህ ጠርዝ ከማሽኑ ጠርዝ ጋር ቀጥ ብሎ ስለሚታሰር አራቱም ክንዶች በትክክል 45 ዲግሪ ላይ ያርፋሉ። በጣም ደካማው አቅጣጫ ላይ፣ አራቱም! ከዛ ድሮኑ ይንቀጠቀጣል፣ ልጁ ሶፍትዌሩን ሲነካካ ይከርማል። መፍትሄው ፋይሉን 45 ዲግሪ ማዞር ብቻ ነው፣ ትንሽ ሉህ ይባክናል፣ ወይ ደግሞ ክንዶቹን ለየብቻ በክሩ አቅጣጫ ቆርጦ በብሎን መግጠም።

የገዛችሁት ሉህ ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ሻጩን አትመኑ፣ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ላዩ ላይ የሚታየው ሽመና የላይኛው ሌየር ብቻ ነው፣ ከውስጥ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከ2 ሚሊ ሉህ ሁለት ቁራጭ ቁረጡ፣ 20 ሚሊ ስፋት፣ አንዱን ከጠርዙ ጋር ትይዩ፣ አንዱን በ45። ጠረጴዛ ጫፍ ላይ በክላምፕ አስራችሁ 20 ሳንቲ ወደ ውጭ ይውጣ፣ ጫፉ ላይ የግማሽ ሊትር ውሃ ጠርሙስ አንጠልጥሉ። ትይዩው አንድ ሳንቲ ተኩል አካባቢ ይወርዳል። ሁሉም ሌየር 0/90 ከሆነ የ45ቱ ቁራጭ 5 ሳንቲ አልፎ ወደ 6 ይጠጋል፣ ሁለቱ እኩል ከወረዱ ደግሞ ከውስጥ 45ዎች ተደባልቀውበታል ማለት ነው። ስትቆርጡ ማስክ አድርጉ፣ አቧራው ሳንባ ላይ ጥሩ አይደለም፣ ኤሌክትሪክም ስለሚያስተላልፍ ኮምፒውተራችሁ አጠገብ አትቁረጡት።

«ሌየሮቹ በምን ቅደም ተከተል ቢደረደሩ ለውጥ የለውም፣ ዋናው ብዛታቸው ነው።»

ሲጎተት ብቻ ከሆነ፣ ላሚኔቱም ከመሃሉ ግራ ቀኙ እኩል ከሆነ፣ እውነት አለው። ሲታጠፍ ግን አራት ሌየር ብቻ እንውሰድ፣ ሁለት በቁመት ሁለት በአግድም። ቁመቶቹን ውጭ አድርገህ አግድሞቹን መሃል ብታስቀምጥ የመታጠፍ ግትርነቱ 119 ጊጋፓስካል ይሆናል፣ ብትገለብጠው፣ ማለትም አግድሞቹ ውጭ ቁመቶቹ መሃል ቢሆኑ፣ 25። ያው ጨርቅ፣ ያው ሬዚን፣ ያው ክብደት፣ 5 እጥፍ ልዩነት። ነገር ሲታጠፍ የሚለጠጠውና የሚጨመቀው ውጭው ነው፣ መሃሉ ተመልካች ነው፣ ስለዚህ ጠንካራውን መሃል መቅበር ማለት ጎበዙን ተጫዋች ተቀያሪ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው።

ግራ ቀኙ እኩል ካልሆነ ደግሞ ዕቃው ገና ከሻጋታው ሲወጣ ይጠመማል። ክሩ በቁመቱ ሙቀት ላይ አይረዝምም ማለት ይቻላል፣ በጎኑ ግን ሌየሩ በደንብ ይለጠጣል። በ120 ዲግሪ አድርቀህ ስታቀዘቅዘው እያንዳንዱ ሌየር በራሱ አቅጣጫ ይሰበሰባል፣ ከላይ 0 ከታች 90 ከሆነ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ሉሁ እንደ ደረቀ ቅጠል ይጠቀለላል። የጠመመ ዕቃ ከሬዚን ጥራት ነው ብሎ ሬዚን የሚቀያይር ሰው አይቻለሁ፣ ጥፋቱ ግን የድርድሩ ነበር።

«ጎትቱት ተጫኑት ያው ነው።»

አይደለም። ሲጨመቅ ክሩ እንደ ቀጭን ገለባ መጉበጥ ነው የሚፈልገው፣ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ሬዚኑ ነው። ሲደረደር ትንሽ የተሸበሸበ ቦታ ካለ እዛው ጋ ይጎብጣል። ሻጋታ ጥግ ላይ ጨርቁ ከተኮማተረ፣ በመጎተት ላያስታውቅ ይችላል፣ በመጨመቅ ግን ያዋርዳችኋል።

«የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነር በካርቦን እየበረረ እኛ ምን ያስፈራናል?»

787ቱ በክብደት ግማሹ ኮምፖዚት ነው፣ እውነት ነው፣ አየር መንገዳችንም ከ2012 ጀምሮ እያበረረው ነው። ግን ያ አውሮፕላን የብረትን ቅርጽ ገልብጦ የተሰራ አይደለም፣ በየቦታው ያለው ክር ጭነቱ ወደሚሄድበት ነው የተኛው፣ ጭነት ከየአቅጣጫው የሚመጣባቸው ብዙ መጋጠሚያዎች ላይ ደግሞ ታይታኒየም ነው ያስገቡት። ያንን ያደረጉት ካርቦኑ አልቆባቸው አይደለም።

የመኪና መጎተቻ ሊሰራ ያሰበው ጓደኛዬ፣ ላንተ፦ እባክህ አትስራው፣ ሲበጠስ ሰው ላይ ነው የሚመጣው። የኛ ላሜራ መጨረሻ ምን ሆነ ላልከኝ ግን፣ ቀዳዳ መብሳቱን ተውነው። ሁለት ቡሽ፣ ብሎን የሚገባበት የብረት ቀለበት ማለቴ ነው፣ ወስደን፣ የዩኒውን ሪባን 10 ሚሊ ስፋት አድርገን፣ በሁለቱ ቡሾች ዙሪያ እንደ ጎማ ቀበቶ እየጠመጠምን 16 ዙር አዞርን፣ ሬዚኑን እየቀባን፣ ወጥረን አደረቅነው። አሁን ብሎኑ የሚጎትተው ክሩን ራሱን ነው፣ ክሩ ብሎኑን ዞሮ ይመለሳል፣ የሚወጣ ምላስ የለም። መታጠፊያው ላይ ጥንካሬው ይቀንሳል፣ ከሁለቱ እግሮች ሙሉ አቅም ግማሹን ብንቆጥር 3 ቶን አካባቢ ነበር የገመትነው። ከዛው ክሬን ሚዛን ጋር አስረን፣ ከእንጨት መከላከያ ጀርባ ሆነን ጎተትን። ሚዛኑ የሚያነበው እስከ 2 ቶን ነው፣ እሱ ጋ ደርሶ «ጠቅ» የሚል ነገር ስላልሰማን እዛው አቆምን።